ቀጠሮ ያለፈው ሕፃን ክትባቱ ከየት ይቀጥላል?

በሐመርና በበና ፀማይ ሣር ሲጠፋ ቤተሰብ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የጤና ኬላው ቀጠሮም በዚያው ያልፋል። ከወራት በኋላ የምትመለስ እናት ልጇ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ የሚወጋ እየመሰላት ቤት ትቀራለች። እንደዚያ አይደለም። የተሰጠው ክትባት አይሰረዝም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሕፃኑ እንደተወለደ የቲቢ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ያገኛል። ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፔንታና የሳንባ ምች ክትባት ይወጋል። ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወሩ ነው። ፔንታ በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ወስደውት አድገዋል። ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል። በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት የምንጠብቀው፣ ቶሎ ከተደጋገመ ሰውነት የሚያዳብረው መከላከያ ደካማ ስለሚሆን ነው። ከ4 ሳምንት በላይ ቢቆይ ግን የመጀመሪያው አይበላሽም፤ ሰውነት ያስታውሰዋል። ችግሩ ሕፃኑ እስኪመለስ ድረስ በቂ መከላከያ ሳይኖረው መቆየቱ ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሕፃን በ6 ሳምንቱ ቀይ አፈር ላይ ተከትቦ ሄደ እንበል። በ5 ወሩ ጂንካ ቢመጣ በዚያው ቀን ሁለተኛውን ዙር ይወስዳል። ከ4 ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን ይጨርሳል፤ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባትም በጊዜው ይደርስለታል። መጀመሪያ የተከተበበት ጤና ኬላ መመለስ አይጠበቅበትም። ካርዱ ቢጠፋ ከመዝገብ እንፈልገዋለን። መዝገቡም ካልተገኘ ክትባቱን መድገም ሕፃኑን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ካርድ ጠፋ ብላችሁ አትቅሩ።

ከፔንታ በኋላ በዚያው ቀን ወይም ማግስት ትኩሳት ሊመጣ፣ የተወጋው ጭን ሊያብጥ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ጡት ደጋግማችሁ አጥቡት፣ ልብሱን አሳንሱለት፤ ያበጠውን አትሹት። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳትና ሽፍታ ግን ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚመጣ ብዙዎች ከክትባቱ ጋር አያያይዙትም። የቲቢው ክትባት ክንድ ላይ እብጠት ያወጣል፣ ቆይቶ ይቆስላል፣ በወራት ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ቅጠልም ቅባትም አያስፈልገውም፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

ጉንፋንና ቀላል ሳል ክትባት አያስቀሩም። ከተከተበ በኋላ ግን ሕፃኑ ከ3 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ መተንፈስ ከከበደው ወይም ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።