ርቀት ስንት ባትሪ ይበላል?

በበቆሎ ማሳ ውስጥ የአፈር እርጥበት የሚለካ ሴንሰር በየ15 ደቂቃው የሚልከው መልእክት ከ10 ባይት አይበልጥም። ለእንዲህ ያለው ቁጥብ ተናጋሪ የሚስማማው ሎራ የተባለው የሬዲዮ ዘዴ ነው። ዘዴው የተወለደው በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ ሲሆን፣ የአሜሪካው ሴምቴክ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል።

ሎራ ሩቅ የሚደርሰው በመጮኽ ሳይሆን ቀስ ብሎ በመናገር ነው። ፍጥነቱ ከ SF7 እስከ SF12 ስድስት ደረጃ አለው። በ SF7 በሰከንድ 5,500 ቢት ገደማ ይልካል፤ በ SF12 ግን 250 ያህል ብቻ። በምላሹ መቀበያው 18 ጊዜ ያህል የደከመ ምልክት መስማት ይችላል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሬዲዮ መሬት ለመሬት ሲጓዝ ቶሎ ስለሚደክም፣ በሜዳ ላይ የሚገኘው ርቀት ከእጥፍ ብዙም አያልፍም።

ዋጋውን እናስላው። ያች አጭር መልእክት ከነአድራሻዋ በ SF7 0.06 ሰከንድ፣ በ SF12 ደግሞ 1.5 ሰከንድ ገደማ አየር ላይ ትቆያለች። ሬዲዮው ሲልክ 40 ሚሊአምፔር ይወስዳል እንበል። በቀን 96 መልእክት ሲላክ፣ SF12 በዓመት 580 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል፤ SF7 ግን 24 ብቻ። 2,400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ SF12 ለመላኪያ ብቻ በአራት ዓመት ያልቃል። በ SF7 ከሆነ ባትሪውን የሚጨርሰው መላኩ ሳይሆን መለኪያው የሚወስደው ኃይልና የባትሪው የራሱ መድከም ነው።

አስቸጋሪው ነገር ደረጃው ባለበት አለመቆየቱ ነው። ሴንሰሩ በበጋ ባዶ ማሳ ላይ ሲተከል በ SF7 ጥሩ ይሠራል። በቆሎው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ውሃ ያዘለው ቅጠል ምልክቱን ይውጠዋል። መሣሪያው ከመቀበያው መልስ ሲያጣ፣ ደረጃውን ራሱ እያሳደገ ወደ SF12 ይሄዳል። ባትሪው ሳይታሰብ ሲያልቅ ገበሬው የሚወቅሰው ባትሪውን ነው፤ ጥፋቱ ግን የአንቴናው ነው። ይህን ለማወቅ በመቀበያው መዝገብ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር የሚጻፈውን SF ማየት ይበቃል። ቁጥሩ ከሰብሉ ጋር አብሮ ካደገ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ከትልቅ ባትሪ ይልቅ ረጅም ምሰሶ እመርጣለሁ። ሜዳማ ቦታ ላይ የመቀበያውን አንቴና ከ3 ሜትር ወደ 6 ሜትር ማንሳት ምልክቱን አራት እጥፍ ያህል ያጠነክራል። ይህም ከ SF12 ወደ SF10 ለመውረድ ይበቃል፤ የመላኪያው ፍጆታም ወደ ሩብ ይወርዳል። የሴንሰሩም አንቴና ከሰብሉ ጫፍ በላይ እንዲወጣ ከመጀመሪያው በዘንግ ላይ ቢሰቀል ይሻላል።

የተባይ ፎቶ መላክ ለሚፈልግ ሰው ግን ምሰሶ አያድነውም። 100 ኪሎባይት የሚመዝን አንድ ፎቶ በ SF12 አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በአውሮፓ ደግሞ አብዛኛው የሎራ ሞገድ ለአንድ መሣሪያ በሰዓት የሚፈቅደው 36 ሰከንድ ብቻ ነው። ለፎቶ የሞባይል ኔትወርክና የፀሐይ ፓነል ያስፈልጋል።