አንድን ቤት ለክቶ በእጅ መንደፍ

እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አክሱም የመጣ አንድ የጀርመን የጥናት ቡድን ታዕካ ማርያም የተባለውን የጥንት ቤተ መንግሥት መሠረት ቆፍሮ አወጣ። በቡድኑ ውስጥ የነበሩት አርክቴክቶች ፍርስራሹን እየለኩ ነደፉ፤ ንድፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ ታተመ። በኋላ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ የመሠረቱ አብዛኛው ክፍል ጠፋ። ዛሬ የዚያን ሕንጻ ስፋትና የክፍሎቹን አሰላለፍ የምናውቀው በይበልጥ ከዚያ ንድፍ ነው። ንድፉ የተሠራው ሕንጻውን በመለካት እንጂ በማየት ብቻ ስላልነበረ ሕንጻው ቢጠፋም ልኩ አልጠፋም።

እናንተም ይህንኑ ሥራ በትንሹ በአንድ የመማሪያ ክፍል ልትጀምሩት ትችላላችሁ። የምንወስደው ምሳሌ በድንጋይ የተገነባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። የሚያስፈልጓችሁ የሜትር መለኪያ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ሁለት እርሳሶች ናቸው፤ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ ይሁን።

በመጀመሪያ የክፍሉን ቅርጽ በዓይን ግምት በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሥሩና ማዕዘኖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ሰይሙ። ይህ ረቂቅ ልኮቹን የምትጽፉበት ነውና ማማሩ አያስጨንቃችሁ። ቀጥሎ በሩ ያለበትን ግድግዳ ከሀ እስከ ለ ለኩ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ዘወትር የሚፈጽሙት ስሕተት አለ፤ ይኸውም ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ በሩን እየነጣጠሉ መለካት ነው። በምሳሌያችን ግድግዳው በሁለት መስኮቶችና በአንድ በር ምክንያት በሰባት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ስሕተቱ እየተደማመረ እስከ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም የመለኪያውን ዜሮ ሀ ማዕዘን ላይ አጽንታችሁ ያዙ፤ ጓደኛችሁም ሜትሩን ሳያነሣ በቅደም ተከተል ያንብብ፦ 1.10፣ 2.30፣ 3.55፣ 4.45፣ 5.70፣ 6.90፣ 8.00። በሩ ከ3.55 እስከ 4.45 ነውና ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር መሆኑን በመቀነስ ታገኙታላችሁ።

አሁን አራቱም ግድግዳዎች ተለክተው ሁለቱ 8.00 ሜትር፣ ሁለቱ 6.00 ሜትር ሆነው ተገኙ እንበል። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ሥራው ያለቀ መስሏቸው አራት ቀጥተኛ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይነድፋሉ። ነገር ግን የጎኖቹ እኩል መሆን የማዕዘኖቹን ቀጥተኛነት አያረጋግጥም፤ በጎኑ የተገፋ የክብሪት ቀፎም ጎኖቹ እኩል እንደሆኑ ይጋደዳል። ስለዚህ ሰያፎቹን፣ ማለትም ከሀ እስከ ሐ እና ከለ እስከ መ ያሉትን ርቀቶች ለኩ። ክፍሉ ቀጥተኛ ቢሆን ኖሮ በሂሳብ እንደተማራችሁት ሁለቱም 10.00 ሜትር በሆኑ ነበር። በእኛ ክፍል ግን አንዱ 10.12፣ ሌላው 9.88 ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ስድስት ሜትሩ ግድግዳ እስከ ጫፉ ሲደርስ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጋድሟል ማለት ነው። ዓይን ይህን አያስተውልም፤ መሬቱን ንጣፍ የሚያለብሰው ሠራተኛ ግን ሳይወድ ያስተውለዋል።

ይህን ጋዳ ክፍል በወረቀት ላይ ለማስፈር መስፈርቱን 1፡50 እናድርግ፤ መሬት ላይ ያለው አንድ ሜትር በወረቀት ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሀለን 16 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አስምሩ። ከሀ 12፣ ከለ 19.8 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቅስቶች ጣሉ፤ የሚገናኙበት ነጥብ መ ነው። እንዲሁም ከለ 12፣ ከሀ 20.2 ሳንቲ ሜትር ስትጥሉ ሐን ታገኛላችሁ። የተማሪ ኮምፓስ ይህን ያህል ላይከፈት ስለሚችል ጠንካራ የካርቶን ቁራጭ በአንድ ጫፉ በመርፌ ወግታችሁ በሌላው እርሳስ በማስገባት ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። በመጨረሻ ከሐ እስከ መ ያለውን ለኩ፤ 16 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ከልኮቻችሁ አንዱ ስሕተት አለበትና ወደ ክፍሉ ተመለሱ።

አሁን የያዛችሁት የፕላኑን መነሻ ነው። ፕላን ማለት ቤቱ ከወለሉ በላይ በአንድ ሜትር ከሃያ ከፍታ ላይ በአግድም በመጋዝ ተቆርጦ፣ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ፣ ከላይ ወደ ታች ሲታይ የሚገኘው ሥዕል ነው። ከፍታው የተመረጠው መጋዙ በሮችንም መስኮቶችንም እንዲያቋርጥ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በበሩ ክፍተት ላይ ለኩት፤ በእኛ ምሳሌ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በወረቀት አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ሴክሽን የሚባለው ደግሞ ከጣሪያ እስከ መሠረት በቁም የሚደረግ ቁርጥ ነው። ቁርጡ በበር ወይም በመስኮት በኩል እንዲያልፍ አድርጉ፤ ያለዚያ ከግድግዳ በቀር ብዙ አይነግራችሁም። ያለፈበትንም ቦታ በፕላኑ ላይ በመስመርና በቀስት አመልክቱ። ከፍታን ከወለሉ ተነሥታችሁ አትለኩ፤ ወለሉ ራሱ ዘንበል ሊል ይችላልና። ይልቅስ ውኃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ የላስቲክ ቱቦ ወስዳችሁ፣ በሁለት ጫፎቹ የሚታየውን የውኃ ከፍታ በመከተል በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ አንድ የተስተካከለ መስመር በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ለኩ። በበሩ በኩል ወለሉ ከመስመሩ 1.00 ሜትር፣ በኋላ ማዕዘን ግን 94 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ወለሉ ወደ ኋላ በስድስት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ኤሌቬሽን፣ ማለት የውጭ ገጽታው፣ ምንም ሳይቆረጥ ፊት ለፊት ብቻ የሚታይ ነው። አዲስ ልክ ብዙም አይጠይቅም፤ ስፋቱ ከፕላኑ፣ ከፍታው ከሴክሽኑ ይወሰዳል። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መስኮቱ ከውስጥ ማዕዘን በ1.10 ሜትር ይጀምራል፤ ከውጭ ማዕዘን ሲቆጠር ግን የግድግዳው ውፍረት ተጨምሮ 1.60 ይሆናል። ይህን የረሳ ሰው የሚነድፈው መስኮት ቦታውን ይስታል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉንም በጠንካራው እርሳስ በቀጭኑ ብቻ አስምሩ። የመስመር ውፍረት ለጌጥ የሚጨመር አይደለም፤ አንባቢው የተቆረጠውን ከሚታየው የሚለይበት ቋንቋ ነው። በፕላኑ ላይ ከበሩ ፊት ያለው ደረጃና ግድግዳው በእኩል መስመር ቢነደፉ ደረጃው ሌላ ግድግዳ መስሎ ይታያል። ስለዚህ መጋዙ የነካውን ሁሉ በለስላሳው እርሳስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አወፍሩ። ከመጋዙ በታች የሚታዩትን፣ እንደ ደረጃና እንደ መስኮት ደፍ ያሉትን፣ የዚህ ግማሽ በሆነ ውፍረት አስምሩ። የልክ መስመሮችና የበሩ መዝጊያ የሚዞርበት ቅስት ከሁሉም ይቅጠኑ። ከመጋዙ በላይ ያለው የጣሪያው ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር ይመለከት። እርሳሱን በማስመሪያው ላይ ስትስቡ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት፤ ያለዚያ ጫፉ በአንድ ወገን ስለሚያልቅ መስመሩ ቀጭን ጀምሮ ወፍራም ሆኖ ይጨርሳል። የሚወፍሩትን መስመሮች መጨረሻ ላይ፣ ከወረቀቱ አናት ወደ ታች እየወረዳችሁ ሥሩ፤ እጃችሁ እርሳሱን እንዳያበላሸው።

በወረቀቱ ጥግ መስፈርቱን፣ የሰሜንን አቅጣጫና የለካችሁበትን ቀን ጻፉ። የጣሪያው ጫፍ እጃችሁ ያልደረሰበት ከሆነም ከፍታውን በግምት ካስገባችሁ በኋላ ከአጠገቡ «በግምት» ብላችሁ ጻፉበት።