ለአዲስ ምርት የተመደበው ብር ወዴት ይሂድ?

ምጥን ሽሮ አሽጎ ለመሸጥ የተነሳ አንድ አነስተኛ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ እንበል። ዱቄቱ ተፈጭቷል፣ ማሸጊያው ታትሟል፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን ገና የለም። ባለቤቶቹ ምርቱን ለማስተዋወቅና ለመሸጥ በወር 200,000 ብር ለሦስት ወር መድበዋል። የቀረው ጥያቄ ይህ ብር በምን በምን ላይ ይዋል የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ብሩን ሽያጭ በሚያመጣው ላይ እናውለው” የሚል ነው። ስለዚህ “አሁኑኑ ይዘዙ፣ ቅናሽ አለ” የሚል ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለቀቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ዘመድና ወዳጅ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ይላል። ባለቤቶቹም ቅናሹ አንሶ ነው ብለው ይጨምሩበታል።

ችግሩ ያለው ከቅናሹ አይደለም። ሰው ገዢ ከመሆኑ በፊት ምርቱ መኖሩን ማወቅ አለበት። ካወቀ በኋላ ያመዛዝናል፤ ሽሮ ላይ ደግሞ ይህ ማመዛዘን ከባድ ነው። ለዓመታት የራሷን ምጥን አዘጋጅታ ወፍጮ ቤት ያስፈጨች እናት የታሸገ ሽሮ ስታይ ቶሎ የሚመጣባት ጥርጣሬ ነው። ሽምብራው ምን ያህል ነው? ጓያ ገብቶበት ይሆን? በርበሬው ንጹሕ ነው? እነዚህ ከተመለሱላት በኋላ ነው የት እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ የምትጠይቀው። በሙያው ያሉ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን ማወቅ፣ ማመዛዘንና መግዛት ብለው ይለያሉ፤ በጀቱም ለሦስቱ ይከፈላል።

ለመጀመሪያው ወር እኔ የምመርጠው አከፋፈል ለማወቅ 120,000፣ ለማመዛዘን 60,000፣ ለመግዛት 20,000 ብር ነው። ለመጨረሻው ደረጃ እንዲህ ያነሰበትን ምክንያት ሒሳቡ ራሱ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን እየተካ ሊሠራው ይችላል።

ከ120,000ው ላይ 20,000 ብር ለአጭር ቪዲዮ ዝግጅት ይውላል፤ 100,000ው በፌስቡክና በቲክቶክ ማሰራጫ ነው። አንድ ሺህ ጊዜ ለማሳየት 50 ብር ቢያስከፍል ማስታወቂያው ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ይታያል። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ያህል ካላየው ስሙ አይያዝለትምና፣ የደረስነው 400,000 ሰው ዘንድ ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ መቶ ሰው ላይ ሦስቱ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ቢያዩ ወይም ወደ ድርጅቱ ገጽ ቢገቡ 12,000 ሰው ይሆናሉ። “ይዘዙ” ቢባሉ ሊሰሙ የሚችሉት እነዚህ ናቸው።

ለእነዚህ 12,000 ሰዎች ብቻ የሚታይ የማስታወሻ ማስታወቂያ ተመልካቹ ጠባብ ስለሆነ ይወደዳል፤ ለሺህ ጊዜ 100 ብር እንበለው። እያንዳንዳቸው በወር ስምንት ጊዜ እንዲያዩት 9,600 ብር ይበቃል። ባለቤቶቹ እንዳሰቡት 100,000 ብር እዚህ ላይ ቢያፈሱ ግን ያው አንድ ሰው ያንኑ ማስታወቂያ በወር ከ80 ጊዜ በላይ ያያል። አዲስ ሰው አይጨመርም፤ ያለውም ይሰለቻል። ለመግዛት ደረጃ የሚመደበው ብር ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውን የሚወስነው ቀድሞ ምርቱን ያወቀው ሰው ብዛት ነው። ከ20,000ው የቀረው ብር ስልክ ለሚያነሳው ሰውና ለማድረሻ ወጪ ቢውል ከተጨማሪ ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራል።

በብዙ በጀቶች ላይ የሚረሳው መካከለኛው ነው። ለሽሮ ማመዛዘን ማለት መቅመስና ማየት ነው። ቅዳሜና እሑድ በተመረጡ ሚኒ ማርኬቶች በር ላይ ምድጃ አስቀምጦ፣ ሽሮውን እዚያው አንተክትኮ፣ በቁራሽ እንጀራ ማስቀመስ ይቻላል። የሚቀምሰው ሰው የሚጠይቀውን መስማት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ “ጓያ አለበት?” የሚለው ጥያቄ ከተደጋገመ ቀጣዩ ቪዲዮ ስለዚያ መሆን አለበት። ሽምብራው ሲለቀም፣ ሲቆላ፣ ሲከካ፣ ኮረሪማውና በሶብላው ሲጨመር፣ ሲፈጭም ሳይቆረጥ የሚያሳይ ረዘም ያለ ቪዲዮ ለእነዚያ 12,000 ሰዎች መታየት አለበት። ለአንድ ወጥ የምትበቃ ትንሽ እሽግ ማዘጋጀትም ከዚሁ በጀት የሚወጣ ነው፤ አንድ ኪሎ ገዝቶ ከመቆጨት ይልቅ ሰው በትንሹ መሞከር ይወዳል።

ያወቀውና የቀመሰው ሰው ሲበዛ ብሩም አብሮት ይዛወራል። በሁለተኛው ወር 80,000፣ 70,000 እና 50,000፤ በሦስተኛው 60,000፣ 60,000 እና 80,000 ቢሆን ተገቢ ይመስለኛል። ለማወቅ የተመደበው ግን ዜሮ መግባት የለበትም። ከላይ አዲስ ሰው ካልገባ ከታች የሚገዛው ያልቃል። ሌስ ቢኔትና ፒተር ፊልድ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ ከበጀቱ 60 በመቶ ያህሉ ስምን ለመገንባት፣ 40 በመቶው ለቅርብ ሽያጭ ቢውል የተሻለ ውጤት እንደሚገኝ አሳይተዋል። መረጃቸው የመጣው ለሽልማት ከቀረቡ የማስታወቂያ ዘመቻዎች ስለሆነ ለአንድ ትንሽ የሽሮ ድርጅት እንዳለ አይገለበጥም። ግን ሁሉን ለሽያጭ ማዋል ስህተት መሆኑን በደንብ ያሳያል።

በዚህ መሐል አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ የማስታወቂያ ሪፖርቱ ሲታይ ሽያጩ ሁሉ የሚመዘገበው ሰውዬው በመጨረሻ ለተጫነው ማስታወቂያ ነው። ቅምሻውም የመጀመሪያው ቪዲዮም ምንም ያልሸጡ ይመስላሉ፤ በጀት ሲቀነስ ቀድመው የሚቆረጡትም እነሱ ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትዕዛዝ የሚቀበለው ሰው በደብተሩ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፤ “መጀመሪያ ያዩን የት ነው?” እና “ዛሬ እንዲደውሉ ያደረገዎት ምንድን ነው?” የሚሉ። ሁለቱ መልሶች ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ የሚያሳየውን ሪፖርቱ አያሳይም።

ብሩን መቼ ማዛወር እንደሚገባ ምልክቶቹ ይናገራሉ። አንድ ሰው ማስታወቂያውን የሚያይበት ጊዜ እየጨመረ፣ ለአንድ ትዕዛዝ የሚወጣው ብርም አብሮ እየጨመረ ከሄደ ያወቀው ሰው አልቋል፤ ብሩ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለስ። ደዋዩ በዝቶ፣ ጠያቂው በዝቶ፣ ገዢው ከጠፋ ያልተመለሰ ጥርጣሬ አለና መካከለኛው ይጠናከር። ሰው ሱቅ ሄዶ “የለም” ከተባለ ደግሞ ምርቱ መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ ማስታወቂያው ሁሉ ይቁም።

ለሽሮ የዘመን ጉዳይም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባውም በየካቲት ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ ማስተዋወቅ የሚጀምር ድርጅት ቤቶች ሽሯቸውን አዘጋጅተው ከጨረሱ በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ታኅሣሥ ቢሆን የመግዛቱ ብር ከፍ የሚልበት ሦስተኛው ወር ከጾሙ መግቢያ ጋር ይገጥማል። አዲስ ምርት የምታወጡ ሁሉ በጀቱን ከመክፈላችሁ በፊት ደንበኛችሁ የሚገዛበትን ወር ለዩ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ቁጠሩ።