ቤት ሲሸጥ፦ ለአንድ ደላላ ወይስ ለብዙ?

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚሸጥ ሰው ለሰፈሩ ደላሎች ሁሉ ይናገራል፤ ገዢ ያመጣው ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ የቀሩት ምንም አያገኙም። አሜሪካ ውስጥ ይህን የመሰለው ስምምነት ኦፕን ሊስቲንግ፣ ማለትም ክፍት ውል ይባላል። ነገር ግን እዚያ ኤጀንቱ ለፊርማ የሚያቀርበው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ኤክስክሉሲቭ ነው፤ ባለቤቱ ለጥቂት ወራት ከአንድ የደላላ ድርጅት ጋር ብቻ ለመሥራት ይስማማል።

ኤክስክሉሲቭ የተባለው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በብዛት የሚፈረመው የመሸጥን ብቸኛ መብት የሚሰጠው ነው፤ ገዢውን ማንም ያምጣው ማን፣ ድርጅቱ ይከፈለዋል። ሁለተኛው ብቸኛ ወኪልነት የሚሰጠው ሲሆን፣ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ካገኘ ኮሚሽን የለም።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤትዎን በ500,000 ዶላር ለገበያ አውጥተዋል፣ ለኤጀንትዎም 2.5 በመቶ ሊከፍሉ ተስማምተዋል እንበል። በሦስተኛው ሳምንት የአክስትዎ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ «እኔው ልግዛው» ቢልና በዚያው ዋጋ ቢገዛዎት፣ በመጀመሪያው ውል 12,500 ዶላር ይከፍላሉ። በብቸኛ ወኪልነትም ሆነ በክፍቱ ውል ግን ምንም አይከፍሉም። ስለዚህ ቤቱን ሊገዛ የሚችል ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ፣ ሳይፈርሙ በፊት ስሙን ውሉ ላይ ያስጽፉና እርሱ ቢገዛ ኮሚሽን እንደማይከፈል እንዲገለጽ ያድርጉ። ኤጀንቱ ለዚህ ቀነ ገደብ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ክፍቱ ውል ለምን አይመረጥም? ኤጀንት ለፎቶግራፍና ለማስታወቂያ ከኪሱ ያወጣል፣ የሚከፈለውም ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነው። ሌላ ሰው ሊቀድመው በሚችልበት ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይፈልግም። ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን የሚያወጡበት ኤም ኤል ኤስ የተባለው የጋራ መዝገብም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ውል አይቀበልም። በዚያ ላይ ጭቅጭቅ አለ፤ አንዱ ደላላ ቅዳሜ ቤቱን ያሳያል፣ ሌላው ማክሰኞ የዚያኑ ገዢ ዋጋ ይዞ ይመጣል፣ ሁለቱም «ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ገዢው በእጅዎ ያለ ያህል ከሆነ ወይም ለመሸጥ ካልቸኮሉ ክፍቱ ያዋጣል፤ አለበለዚያ እኔ ኤክስክሉሲቩን አጭር ጊዜ ወስኖ መፈረምን እመርጣለሁ።

አንድ አንቀጽ ሳያነቡ አይለፉ። ብዙ ኤክስክሉሲቭ ውሎች ጊዜያቸው ካለቀ በኋላም፣ ለምሳሌ ለ60 ወይም ለ90 ቀን፣ ኤጀንቱ ቀድሞ ያስተዋወቀው ሰው ከገዛ ኮሚሽን ያስከፍላሉ። ውሉ ሲያልቅ የእነዚያን ሰዎች ስም ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥዎ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር ከተፈራረሙም አንቀጹ እንዲቀር ከመጀመሪያው ያስገቡበት። ያለዚያ ለአንድ ሽያጭ ሁለት ድርጅቶች ኮሚሽን ሊጠይቁዎት ይችላሉ።