የአርባ ገጽ ሪፖርት በአሥር ደቂቃ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚቀርብበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ሰነዱን ይዞ ይቆማል፣ ሠንጠረዦቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያሉ፣ ንባቡም ከመግቢያው ይጀምራል። የተሰጠው አሥር ደቂቃ ሲያልቅ አንባቢው ገና ከዓላማው አልወጣም። ሰብሳቢው "ሰዓት" ብሎ ያስታውሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ገጾቹ በጥድፊያ ይገለበጣሉ። ሠራተኛውን በቀጥታ የሚነካው "ያጋጠሙ ችግሮች" የሚለው ክፍል መጨረሻ ላይ ስላለ፣ ወይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል ወይ ሳይነበብ ይቀራል።

ይህ የአቅራቢው ስንፍና አይደለም። ሒሳቡ ራሱ አይፈቅድለትም። በተለመደው የፊደል መጠን የተጻፈ አንድ ሙሉ ገጽ ተረጋግቶ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የእርስዎ ፍጥነት ከዚህ ሊለይ ስለሚችል አንድ ገጽ ጮክ ብለው አንብበው በሰዓት ይለኩት። በዚህ ስሌት አርባ ገጽ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። አሥር ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሰው እስኪቀመጥና አንድ ሁለት ጥያቄ እስኪጠየቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ ለንግግር የሚተርፈው ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሦስት ገጽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጽሑፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሪፖርቱን ማሳጠር የሚባለው ሙከራ ከጅምሩ አያዋጣም። አርባ ገጽን በእኩል እየጨመቁ ሦስት ገጽ ቢያደርሱት የሚቀረው የርዕስ ዝርዝርና የመቶኛ ክምር ብቻ ነው። መደረግ ያለበት መምረጥ ነው።

ለመምረጥ ሪፖርቱ ለምን እንዲያ እንደተጻፈ ማወቅ ይጠቅማል። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚጻፈው ለበላይ አካል ነው። ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲጀምር የጸደቀውን ዕቅድ ይዞ፣ ግብ በግብ እየተከተለ፣ "ይህን ያህል ታቅዶ ይህን ያህል ተከናውኗል" እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ የበጀት አጠቃቀም፣ ከዚያ ያጋጠሙ ችግሮች፣ ከዚያ የተወሰዱ መፍትሔዎች ይመጣሉ። ለሚቆጣጠር ሰው ይህ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው፤ የፈለገውን ቁጥር የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ለሚያዳምጥ ሰው ግን ክፉ ነው፤ ምክንያትና ውጤት ሃያ ገጽ ተራርቀው ይቀመጣሉና። ሥራው ያልተሠራበት ቁጥር በሦስተኛው ክፍል፣ ያልወጣው ገንዘብ በአራተኛው፣ የሁለቱም ምክንያት በአምስተኛው ይገኛል። አንባቢ ወደ ኋላ ገልጦ ሊያገናኛቸው ይችላል። አድማጭ ግን መግለጥ አይችልም፤ የሚያገናኝለት ተናጋሪው ነው። በእኔ እምነት የአሥር ደቂቃው ንግግር ዋና ሥራ ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንከተል። የአንዲት መካከለኛ ከተማ የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሁለተኛውን ሩብ ዓመት፣ ማለትም የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሪፖርት ጨርሷል እንበል። ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ ያወጣኋቸው ናቸው፤ ዓይነታቸውን ግን በዚህ ዘርፍ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ገጽ 12 ላይ ሊቀየሩ ከታቀዱት 1,200 የቆሙ ቆጣሪዎች የተቀየሩት 480 መሆናቸው ተጽፏል። ገጽ 17 ላይ ከተመረተው 900,000 ሜትር ኩብ ውኃ ሒሳብ የተጠየቀበት 585,000 ብቻ እንደሆነና ብክነቱ ባለፈው ሩብ ዓመት ከነበረበት 31 በመቶ ወደ 35 በመቶ እንደወጣ ይነበባል። ገጽ 22 ላይ በቢል ላይ የቀረበ ቅሬታ ከ210 ወደ 390 አድጓል። ገጽ 29 ላይ ለሩብ ዓመቱ ከተያዘው የካፒታል በጀት ሥራ ላይ የዋለው 45 በመቶ ነው። ገጽ 34 ላይ ደግሞ "የቆጣሪ ግዥ በወቅቱ አለመጠናቀቁ" የሚል አንድ መስመር አለ።

እነዚህን አምስት ገጾች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ታሪክ ያያል። ቆጣሪው ዘግይቶ ገባ። ስለዚህ ገንዘቡ አልወጣም፣ የቆሙት ቆጣሪዎችም ባሉበት ቀሩ። የቆመ ቆጣሪ ያለበት ቤት ፍጆታው በቀድሞው አማካይ ይታሰባል። ቤተሰቡ ከድሮው የበለጠ ውኃ እየተጠቀመ ከሆነ ልዩነቱ በብክነት ይመዘገባል፤ ያነሰ እየተጠቀመ ከሆነ ደግሞ ቢሉን ይዞ ወደ ደንበኞች አገልግሎት መስኮት ይመጣል። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ ሦስት ወር ሙሉ ስትሰማው የከረመችው ጩኸት ከየት እንደመጣ በዚህ ታውቃለች። በስብሰባው ላይ ይህን ካልሰማች የግዥ መዘግየት የሌላ ክፍል ጣጣ ሆኖባት ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን አደጋ አለ። ታሪክ ሲገጣጠም ደስ ስለሚል ያልተረጋገጠውንም አብሮ ይስባል። የብክነቱ ጭማሪ በሙሉ ከቆጣሪ የመጣ ነው? በዚያው ሩብ ዓመት የመንገድ ሥራ ዋናውን መስመር ቆርጦ ውኃው ለቀናት ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ተናጋሪው ከመቆሙ በፊት የቴክኒክ ክፍሉን ሄዶ መጠየቅ አለበት። መልሱ "ሁለቱም አሉበት፣ ምን ያህሉ የየትኛው እንደሆነ አልለየንም" ከሆነ በንግግሩም እንዲሁ መባል አለበት። ይህን ሳያጣራ "ምክንያቱ ቆጣሪ ነው" ያለ ተናጋሪ አዳራሹ ውስጥ ካለ የመስመር ጥገና ሠራተኛ በአንዲት ጥያቄ ይረታል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ሰው በጥርጣሬ ይሰማዋል።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ቋንቋው ይመጣል። ሪፖርቱ ስለ ቆጣሪዎቹ የሚለው እንዲህ ነው፤ "በሩብ ዓመቱ አገልግሎት መስጠት ያቆሙና ንባባቸው የተዛባ 1,200 የውኃ ቆጣሪዎችን በአዲስ ለመተካት ታቅዶ፣ የግዥ ሂደቱ በወቅቱ ባለመጠናቀቁ ምክንያት 480 ቆጣሪዎችን በመተካት የዕቅዱን 40 በመቶ ማከናወን ተችሏል።" በጽሑፍ ምንም አይልም። በጆሮ ግን አድማጩ ሦስት ቁጥር ይዞ ግሱን እየጠበቀ ይቆያል፤ ግሱ ሲደርስ ደግሞ "ተችሏል" ስለሚል ያልተሳካው ሥራ የተሳካ ይመስላል። ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳልሠራውም አይታወቅም። በንግግር እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ "በዚህ ሩብ ዓመት 1,200 ቆጣሪ ልንቀይር አቅደን ነበር። የቀየርነው 480 ነው። ዕቃው የገባው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስለሆነ ለሥራው የተረፈን ሁለት ሳምንት ነበር።" ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ግስ የተዘጉ። አርባ በመቶው ወጥቷል፤ 1,200ና 480 ከተሰሙ መቶኛው የሚጨምረው ነገር የለም።

ቁጥርን ማጠጋጋት ለጆሮ ግድ ነው፤ የሚሊዮን ብሩን ሳንቲም ማንም አይይዘውም። ሆኖም ማጠጋጋት ዜናውን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። 31 በመቶም 35 በመቶም "አንድ ሦስተኛ ገደማ" ናቸው። እንዲያ ብሎ የተናገረ ሰው ብክነቱ መጨመሩን ከአድማጩ ደብቋል። ንጽጽሩ ራሱ ዜና ሲሆን ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ትርጉማቸውን መስጠት ነው፦ "ካመረትነው ከመቶ ሜትር ኩብ 31 ይጠፋ ነበር፤ አሁን 35 እየጠፋ ነው።" የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሌላ ወጥመድም አለው፤ የሩብ ዓመቱንና የግማሽ ዓመቱን ድምር ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጥ ተናጋሪው ሳያውቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ፣ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ተናግሮ፣ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ነው።

መክፈቻው መደምደሚያው መሆን አለበት። "በዚህ ሩብ ዓመት ትልቁ ጉዳያችን የቆጣሪ መዘግየት ነው፤ ብክነትንም፣ ቅሬታንም፣ በጀታችንንም ነክቷል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቦታውን ያገኛል። ለቆጣሪው ታሪክ አራት ደቂቃ ቢሰጥ አይበዛበትም። በጥሩ ሁኔታ ለሄደው አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአዲሱ ጉድጓድ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። የቀረው ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ነው፤ ዕቃው በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚጀመር፣ የአንባቢዎች ክፍል ምን ቀድሞ እንደሚያዘጋጅ፣ መስኮት ላይ ያሉት ለደንበኛ ምን ብለው እንደሚመልሱ። ሥልጠናው፣ የጽዳት ዘመቻው፣ የሥራ ክፍሎች የስብሰባ ብዛት በሰነዱ ውስጥ ይቆዩ። ያልተጠቀሰ ክፍል ቅር ሊለው ይችላል፤ ያም ቢሆን ሁሉን ለማስደሰት ሲባል ሰዓቱን መበተን የባሰ ነው።

የግዥ ክፍሉ ኃላፊ እዚያው ተቀምጠዋል። ሪፖርቱ "ባለመጠናቀቁ" ብሎ ሸፋፍኖ አልፎታል፤ ንግግሩ ደግሞ ሲገልጠው ሰው ፊት መውቀስ እንዳይሆን ያሰጋል። የሚያድነው ቀን መጥራት ነው። "የግዥ ጥያቄው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወጣ፣ ጨረታው ኅዳር ላይ ተከፈተ፣ ዕቃው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ገባ" ሲባል መዘግየቱ ከግዥ ክፍሉ ብቻ እንዳልመጣ፣ ጥያቄውን ዘግይቶ ያቀረበው ክፍልም እንዳለበት ራሱ ይታያል። ይህንኑ ከስብሰባው በፊት ለኃላፊው መንገር ደግሞ ተገቢ ነው፤ "ነገ ይህን እላለሁ፣ የሚታረም አለ?" ቢባሉ ብዙ ጊዜ በሪፖርቱ ያልገባ ነገር ይጨምራሉ።

ንግግሩ መሥራቱን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። ከሌላ ክፍል አንድ ባልደረባ ይዞ መናገርና "የሰማኸውን መልሰህ ንገረኝ" ማለት ነው። ቆጣሪውን፣ ብክነቱንና ቅሬታውን አያይዞ ከመለሰ በቂ ነው። ቁጥሮችን ብቻ ከመለሰ ወይም "ብዙ ነገር ተሠርቷል" ካለ፣ መክፈቻው እንደገና ይጻፍ። በስብሰባውም ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ይህንኑ ይናገራሉ። "ያ ቁጥር የሩብ ዓመቱ ነው የግማሽ ዓመቱ?" የሚል ጥያቄ ከበዛ ንግግሩ አልገባም። "የእኛ ቅርንጫፍ ተራው መቼ ነው?" ካሉ ገብቷቸዋል።

በዚህ መንገድ የማይቀርብ ነገርም አለ። የኦዲት ግኝት፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ የደመወዝ ወይም የታሪፍ ለውጥ በራስ ቃል መነገር የለባቸውም፤ አንድ ቃል ቢቀየር ነገሩ ይለወጣልና እንደተጻፉ ይነበቡ። ሙሉው ሪፖርት ደግሞ ከስብሰባው አስቀድሞ ለሠራተኛው ይድረስ። ተናጋሪው በእጁ የሚይዘው ማስታወሻ አንድ ገጽ ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የሪፖርቱ ገጽ ቁጥር ይጻፍበት። አንድ ሰው ተነሥቶ የካፒታል በጀቱን ዝርዝር ሲጠይቅ በግምት ከመመለስ "ገጽ 29 ላይ በሠንጠረዥ አለ፣ አብረን እንየው" ማለት ይቻላል።