የክላን መሪ ደንብ፦ ተሳትፎ፣ ልገሳና መከባበር

ክላሽ ኦፍ ክላንስ የፊንላንዱ ሱፐርሴል ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስልክ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ መንደር ይገነባል፣ ጦር ያዘጋጃል፣ የሌሎችን መንደር ያጠቃል። ክላን የሚባለው እስከ 50 ተጫዋቾችን የሚይዝ ማኅበር ሲሆን አንድ ሊደር፣ ከእሱ በታች ኮ-ሊደሮች፣ ቀጥሎ ኤልደሮች፣ በመጨረሻም ተራ አባላት አሉት። ሊደሩና ኮ-ሊደሮቹ ለሁሉም አባላት በአንድ ጊዜ የሚደርስ መልእክት መላክ ይችላሉ። ብዙ መሪዎች የክላኑን ደንብ የሚያስታውቁት በዚህ መንገድ ነው። ደንቡም ዘወትር በሦስት ጉዳዮች ላይ ያርፋል፤ እነሱም ተሳትፎ፣ የወታደር ልገሳ (ዶኔሽን) እና በቻት ላይ መከባበር ናቸው።

የአብዛኞቹ መልእክቶች ጉድለት በቃላቸው ላይ ይታያል። «ንቁ ሁኑ፣ ዶኔት አድርጉ፣ ተከባበሩ፤ ያለበለዚያ ትባረራላችሁ» የሚል መልእክት የደረሰው አባል ስንት ቀን ቢጠፋ፣ ምን ያህል ቢለግስ፣ ምን ቢናገር እንደሚባረር አያውቅም። መሪውም ራሱ መስፈርት ስላላስቀመጠ የሚያባርረው በስሜት ይሆናል። ወዳጁን ይታገሣል፣ የማያውቀውን ያሰናብታል። እንዲህ ያለ ክላን ውስጥ ጭቅጭቅ የሚነሳው ደንቡ ጥብቅ ስለሆነ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ምን እንደሚል ስለማይታወቅ ነው። የሚሠራ ደንብ የሚጻፈው ማንኛውም አባል ከጨዋታው ማያ ላይ አይቶ ሊያረጋግጠው በሚችለው ነገር ላይ ነው።

ተሳትፎ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በክላን ጦርነት (ክላን ዋር) ላይ ነው። መደበኛው ጦርነት 23 ሰዓት የዝግጅት፣ 24 ሰዓት ደግሞ የውጊያ ጊዜ አለው። እያንዳንዱ ተሰላፊ ሁለት ጥቃት ይሰጠዋል። በአንድ ጥቃት እስከ 3 ኮከብ ይገኛል፦ ግማሹን መንደር ማፍረስ አንድ፣ ታውን ሆሉን መጣል አንድ፣ ሁሉንም ማፍረስ ደግሞ ሦስተኛውን ኮከብ ያስገኛል። 15 ለ15 በሆነ ጦርነት አንድ ወገን 30 ጥቃት አለው፤ ሊያገኘው የሚችለው ከፍተኛ ውጤትም 45 ኮከብ ነው።

በዚህ ጦርነት ሦስት ተሰላፊዎች ሁለቱንም ጥቃት ሳይጠቀሙ ቢቀሩ 6 ጥቃት ይጠፋል፤ የቀሩት 12 ሰዎች 24 ጥቃት ይኖራቸዋል። ለ15 መንደር 24 ጥቃት የሚበቃ ቢመስልም ነገሩ እንዲያ አይደለም። አንድ ተጫዋች ያንኑ መንደር ሁለት ጊዜ ማጥቃት አይችልም፤ ከየመንደሩ የሚቆጠረውም የተገኘው ከፍተኛ ኮከብ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር በ2 ኮከብ የቀረን መንደር ወደ 3 የሚያደርሰው ሌላ ሰው መሆን አለበት። የጠፉት ስድስት ጥቃቶች በአብዛኛው ይህን የማጽዳት ሥራ ይሠሩ የነበሩት ናቸው። ጥቂት መንደሮች በ2 ኮከብ ሲቀሩ የጦርነቱ ውጤት ሊገለበጥ ይችላል። የዚህ ጉዳቱ በጊዜያቸው አጥቅተው በወጡት ላይ ጭምር ይወድቃል።

እያንዳንዱ ተጫዋች በገጹ ላይ ለጦርነት መግባት አለመግባቱን የሚያሳይ ምልክት አለው፤ አረንጓዴው «ዝግጁ ነኝ»፣ ቀዩ «አልችልም» ማለት ነው። ለተሳትፎ ደንብ ከሁሉ የተሻለው መሠረት ይህ ምልክት ነው። ፈተና፣ ሥራ፣ ሐዘን ወይም ጉዞ ያለበት ሰው ቀይ ላይ ካደረገ ማንም አይጠይቀውም። አረንጓዴ ላይ ሆኖ ተሰልፎ ካላጠቃ ግን ቃል ገብቶ እንደቀረ ይቆጠራል። ደንቡ «ጦርነት ግቡ» ከሚል ይልቅ «አረንጓዴ ላይ ያለ ሁለቱንም ይጠቀም» ቢል ይሻላል፤ የመጀመሪያው ፈቃድን ሲያስገድድ ሁለተኛው ቃል ማክበርን ብቻ ይጠይቃል።

ሰዓትን በተመለከተ አባላቱ በአዲስ አበባ፣ በዱባይና በዋሽንግተን የተበተኑ ክላን የራሱ ችግር አለበት። «ጦርነቱ ማክሰኞ 3 ሰዓት ያበቃል» የሚል መልእክት ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ማታ፣ በፈረንጅ ሰዓት ለሚቆጥረውም ሌላ ነገር ይሆናል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። መፍትሔው የሰዓት ስም ሳይጠሩ ጨዋታው ራሱ በሚያሳየው ቀሪ ጊዜ መናገር ነው፦ «የመጀመሪያውን ጥቃት ጦርነቱ ሊያልቅ 12 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት፣ ሁለተኛውን 3 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት።» ቀሪው ጊዜ በየትኛውም አገር አንድ ነው። ቀደም ብሎ ማጥቃትን መጠየቁም የኔትወርክ መቋረጥ በመጨረሻው ሰዓት የሚያስከትለውን ጣጣ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልገሳ ነው። አባል ለክላን ካስሉ ወታደር ሲጠይቅ ሌሎች ካላቸው ዓይነት ይሰጡታል። የአባላት ዝርዝሩ እያንዳንዱ በዚያ የጨዋታ ወቅት (ሲዝን) የሰጠውንና የተቀበለውን ያሳያል። ቁጥሩ ወታደሩ በሚይዘው ቦታ ይሰላል፦ አንድ ቀስተኛ 1፣ ጃያንት 5፣ ድራጎን 20። ይህን ያልተረዳ መሪ ቁጥሩን አንብቦ ይሳሳታል። አንድ ድራጎን የሰጠና ሃያ ቀስተኛ የሰጠ በዝርዝሩ ላይ እኩል ናቸው።

ብዙ ክላኖች የሚጠቀሙት መስፈርት የሰጠው ለተቀበለው ያለው ንጽጽር ነው፤ «ከተቀበልከው ግማሽ ያህል ስጥ» እንደማለት። ነገር ግን ንጽጽሩ አዲሱን ይጎዳል። ድራጎን የሚከፈተው ታውን ሆል 7 ላይ ነው። ታውን ሆል 6 ላይ ያለ ልጅ ቻት ላይ «ድራጎን» የሚል ጥያቄ ሲያይ መስጠት አይችልም፤ እሱ ግን ከትልልቆቹ ድራጎን ይቀበላል። በወቅቱ ማብቂያ 120 ሰጥቶ 600 ተቀብሎ ቢገኝ በንጽጽር ሕግ ተባራሪ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው 40 ብቻ ሰጥቶ 50 የተቀበለ ትልቅ ተጫዋች በንጽጽሩ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ለክላኑ ያደረገው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በንጽጽር ፈንታ እንደ ታውን ሆል ደረጃ ዝቅተኛ መጠን መመደብ ይሻላል፤ ለምሳሌ በወቅቱ ለትናንሾቹ 100፣ ለመካከለኞቹ 300፣ ለትልልቆቹ 500። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዚህ መጠን አይመዘንም። ቁጥሩ በየወቅቱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ የሚመረመረውም ወቅቱ ሊያልቅ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መሪው ዝርዝሩን በፎቶ ቢያስቀር በኋላ ክርክር ሲነሳ ይጠቅመዋል።

ቁጥር ብቻውን የማያሳየው ነገርም አለ። ሁለት ጓደኛሞች፣ ወይም ሁለት አካውንት ያለው አንድ ሰው፣ ቀስተኛ እየተለዋወጡ ቁጥራቸውን ሊያሳድጉ ይችላሉ። ምልክቱ ሁለቱ ሰዎች የሰጡትና የተቀበሉት ቁጥር አብሮ መውጣቱና በቻቱ ላይ የእነሱ ጥያቄ ሁልጊዜ በእነሱው መሞላቱ ነው። ሌላው ችግር የተጠየቀውን ትቶ ያገኙትን መስጠት ነው። ለጦርነት መከላከያ የሚሆን ወታደር የጠየቀ ሰው ካስሉ በጎብሊን ቢሞላ ለጋሹ ቁጥር አግኝቷል፤ ጠያቂው ግን ተጎድቷል። «የተጠየቀውን ስጥ፤ ከሌለህ ለሌላው ተወው» የሚለው መስመር ከማንኛውም መጠን ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ መከባበር፣ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከስሜት የሚድነው የተከለከለውን በስም በመጥራትና የቅጣቱን ቅደም ተከተል በመጻፍ ነው። ስድብ፣ የሰውን ብሔርና ሃይማኖት ማንሳት፣ በጥቃት ያልተሳካለትን ማሸማቀቅ፣ «ኤልደር አድርጉኝ» እያሉ መወትወት፣ አካውንት መሸጥና መግዛት በግልጽ ይጻፋሉ። የመጨረሻው በሱፐርሴል ደንብም የተከለከለ ነው። በቻቱ ውስጥ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆችና አባቶች አብረው ስለሚገኙ የቋንቋው ልክ ለትንሹ የሚመጥን ይሁን። ያልተሳካ ጥቃት በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ስህተቱን የሚያይ ሰው «በየት በኩል ብትገባ ይሻል ነበር» ብሎ የጥቃቱን ቅጂ አብሮ ቢያይ ጥቅም አለው፤ «ከንቱ» ማለት ግን ሰውየውን ለቀጣዩ ጦርነት ወደ ቀዩ ምልክት ይመልሰዋል።

ቅጣቱ ማስጠንቀቂያ፣ ከማዕረግ መውረድ፣ መባረር ሊሆን ይችላል። የብሔርና የሃይማኖት ስድብ ግን በቀጥታ ወደ መባረር ቢወስድ ተገቢ ነው። የማባረር ሥልጣንም መገደብ አለበት። ኤልደርም ተራ አባልን ማስወጣት ስለሚችል ተናዶ የሚጫን ጣት ክላኑን ይጎዳል። ኮ-ሊደር ደግሞ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ሊያስወጣ ይችላል። በጥቂት ቀን የሚታወቅ ሰው ኮ-ሊደር ሆኖ ማታውኑ ክላኑን ያራገፈበት ጉዳይ በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደ ታሪክ ነው። ስለዚህ ኮ-ሊደርነት ለብዙ ወቅት ለታየ ሰው ብቻ ይሰጥ። ኤልደር ያለ ሊደር ወይም ኮ-ሊደር ፈቃድ ሰው አያስወጣ። የሚባረርም ሰው ምክንያቱ ይጻፍለት፤ ጨዋታው በማባረሪያው ላይ ለዚሁ የሚሆን ቦታ ይሰጣል።

እነዚህ ሁሉ ተጠቃለው የሚከተለውን መልእክት ይሰጣሉ። በጨዋታው ውስጥ ያለው ቦታ አጭር ስለሆነ በክፍል በክፍሉ ይላካል፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ከመጪው ሲዝን ጀምሮ የክላናችን ደንብ ይህ ነው። ጦርነት፦ የማትችሉ ቀይ ላይ አድርጉ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። አረንጓዴ ላይ ያላችሁ ሁለቱንም ጥቃት ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያውን ጦርነቱ ሊያልቅ 12 ሰዓት፣ ሁለተኛውን 3 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት። ሁለት ጦርነት ሳያጠቃ የቀረ ለአንድ ሲዝን አይሰለፍም።

ዶኔሽን፦ ትናንሽ ታውን ሆል 100፣ መካከለኛ 300፣ ትልቅ 500 በሲዝን። የተጠየቀውን ስጡ። አዲስ የገባችሁ ሁለት ሳምንት አትቆጠሩም። የሚቸገር ቀድሞ ይንገረን።

መከባበር፦ ስድብ፣ የብሔርና የሃይማኖት ንግግር፣ ያልተሳካለትን ማሸማቀቅ፣ አካውንት መሸጥና መግዛት ክልክል ነው። ማዕረግ አይለመንም፣ በሥራ ይገኛል። ማስጠንቀቂያ፣ ማዕረግ መውረድ፣ መባረር በቅደም ተከተል። በብሔርና በሃይማኖት የሚሳደብ ወዲያው ይወጣል። ደንቡ እኔንና ኮ-ሊደሮችንም ያስገድዳል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መልእክቱን ከትእዛዝ ይለየዋል። ሊደሩ ሁለት ጦርነት ሳያጠቃ ከቀረ ራሱም ሳይሰለፍ መቅረት አለበት፤ አባላቱ ደንቡን የሚያምኑት ያን ጊዜ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው በተላከበት ቀን ለነበሩ ሰዎች ስለሆነ በየሲዝኑ መጀመሪያ ይደገማል፤ ዋናው ነጥብም ለሚገቡ ሰዎች እንዲታይ በክላኑ መግለጫ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሲዝን ማንም የማይባረርበት የመለማመጃ ጊዜ ቢሆን መጠኑ ከአባላቱ አቅም ጋር መስማማቱ ይታያል። ብዙዎች 300ን ካልደረሱ ቁጥሩ ይቀነሳል፤ ሁሉም በቀላሉ ካለፉት ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ደንቡ እንደተጻፈው ለሁሉም ይሠራል።