«ግፊት» ሳትል አስረዳኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ባቄላ ለማብሰል አዳማ ላይ ከሚወስደው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ምክንያቱን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብትጠይቁት «ደጋ ላይ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ነው» ይላችኋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ቢጽፈው ነጥብ ያገኝበታል። ነገር ግን «ግፊት የሚለውን ቃል ሳትጠራ፣ ድምፅህን አውጥተህ፣ ለእናትህ በሚገባት አማርኛ አስረዳት» ብትሉት ንግግሩን ይጀምርና መሀል ላይ ይቆማል። የቆመባት ቦታ ትልቅ ነገር ትናገራለች። ተማሪው የነገሩን አሠራር ያውቃል ወይስ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው የሚለው እዚያ ላይ ይለያል።

ይህን ፈተና በግልጽ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ነው። ሽልማቱን ባገኘ በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ ለሳይንስ መምህራን ባደረገው ንግግር አንድ የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ አንስቶ ነበር። መጽሐፉ በቁልፍ የሚጠመዘዝ መጫወቻ ውሻ፣ እውነተኛ ውሻና ሞተር ብስክሌት በሥዕል ያሳይና የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ መነሻ ይጠይቃል። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ኢነርጂ»። ፋይንማን ልጁ ከዚህ መልስ ስለ መጫወቻው ምንም አልተማረም ብሎ ተከራከረ። መጫወቻውን ፈትቶ በውስጡ የተጠቀለለውን ስፕሪንግና ጥርሶቹን ቢያይ ግን አንድ ነገር ይማር ነበር። ከዚያም መምህራኑ አንድ መማሪያ አዲስ ሐሳብ ማስተማሩን ወይም ቃል ብቻ ማስያዙን የሚለዩበትን ዘዴ ነገራቸው፦ ተማሪው አዲሱን ቃል ትቶ የተማረውን በራሱ ቋንቋ ይናገር። መናገር ካልቻለ የተማረው ትርጓሜ እንጂ ሳይንስ አይደለም።

ቃል ይዞ ነገሩን ያወቀ መምሰል የተማሪ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ካይል ይህንኑ የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። ሰዎች ዚፕ፣ የበር ቁልፍ፣ የልብስ ስፌት መኪናና ሄሊኮፕተርን የመሳሰሉ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ከ1 እስከ 7 ለራሳቸው ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። ቀጥሎ የአንዳንዶቹን አሠራር ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ካስረዱ በኋላ ለራሳቸው እንደገና ነጥብ ሲሰጡ ነጥቡ ዝቅ አለ። አላዋቂነታቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የገዛ ማብራሪያቸው ነው ያሳያቸው።

ከዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል። ተመራማሪዎቹ ስለ አገሮች ዋና ከተሞች፣ ስለ ፊልም ታሪኮችና እንደ ምግብ አሠራር ስላሉ ሂደቶችም ጠይቀው ነበር። በእነዚህ ላይ ሰዎች የእውቀታቸውን ልክ ሲገምቱ ያን ያህል አልተሳሳቱም። የአንድን አገር ዋና ከተማ አለማወቃችሁ ወዲያው ይታወቃችኋል። የነገሮችን አሠራር በተመለከተ ግን አእምሮ በቀላሉ ይታለላል። ዚፑን በየቀኑ እናየዋለን፣ ክፍሎቹን በስም እናውቃለን፣ ሲሠራም እናያለን፤ ማየታችንን እንደ መረዳት እንቆጥረዋለን። ስለዚህ ድምፅ አውጥቶ የማስረዳት ፈተና ዋና ቦታው «ይህ ለምን ያን ያመጣል?» የሚባልበት እውቀት ነው።

እስቲ ወደ ባቄላው ድስት እንመለስና ተማሪው ለእናቱ ሲያስረዳ እናስብ።

«እማዬ፣ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤» ብሎ ይጀምራል። «አዳማ ላይ ወደ 94 ዲግሪ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 100 መድረስ ነበረበት።»

እናትየው ሰምታ የምታነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ «እንዴ፣ ቶሎ ከፈላማ ባቄላው ቶሎ መብሰል ነበረበት እኮ፣ ልጄ!»

ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ተማሪው የያዛቸው ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ደጋ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ ደጋ ላይ ባቄላ ይዘገያል። የሚያገናኛቸው ነገር ግን በእጁ የለም። በልቡ ሲያነበው ክፍተቱ አልታየውም ነበር፤ ዓይን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋላ። ለሰው ሲናገር ግን መሀሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ክፍተቱን ለመሙላት ተማሪው መጽሐፉን ከመጀመሪያው ማንበብ አያስፈልገውም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ መፍላትና መጋል አንድ አይደሉም። ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ የምንጨምረው እሳት ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ባቄላ ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ የሚቀቀለው በ90 ዲግሪ አካባቢ ውሃ ውስጥ ነው። ባቄላን የሚያለሰልሰው የውሃው መንተክተክ ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱ ሲቀንስ መለስለሱም ይዘገያል። ይህን ያወቀ ልጅ የእናቱን ቀጣይ ጥያቄ ሳትጠይቀው ይመልሳል፦ እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ከሰሉ ያልቃል፣ ባቄላው ግን አይፈጥንም።

አንድ ክፍተት ይቀራል። ለመሆኑ ውሃው ደጋ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው ለምንድን ነው? «ግፊት» የሚለው ቃል የሸፈነው ይህን ነበር። ያለ ቃሉ ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦ ከኛ በላይ ያለው አየር ክብደት አለው፤ ድስቱ ውስጥ ያለውን ውሃም ከላይ ይጫነዋል። ውሃው ሲሞቅ ውስጡ የእንፋሎት አረፋ ሊፈጠር ይሞክራል፤ ከላይ የተጫነው አየር ግን አረፋውን ይጨፈልቀዋል። አረፋው ሳይጨፈለቅ ወደ ላይ መውጣት የሚችለው በውስጡ ያለው እንፋሎት የአየሩን ጭነት ሲቋቋም ነው። መፍላት የምንለው ይህን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከላይዋ የቀረው አየር ያነሰ ነው፤ የጭነቱ መጠን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ጭነቱ ከቀለለ አረፋው በትንሽ ሙቀት ያሸንፋል። ክዳኑ በጎማ የሚታሸገው ፕሬዠር ድስትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ በውሃው ላይ ያለውን ጭነት ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እስኪግል አይፈላም።

በዚህ ማብራሪያ ውስጥ ግፊት የሚለው ቃል አንዴም ለማስረጃነት አልተጠራም። ሆኖም የቃሉ ሥራ ሁሉ ተሠርቷል። ከዚህ በኋላ ተማሪው ቃሉን ቢጠቀምበት ያምርበታል፤ ረጅሙን ነገር ባጭሩ የሚጠራበት ስም ሆኖለታልና።

ፈተናውን በራሳችሁ ላይ ስታደርጉ ክፍተቱን የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉ። ሰው ነገሩ ሲጠፋው «እንትን» ይላል፣ «ያው ማለት ነው» ይላል፣ «በቃ እንዲሁ ነው» ብሎ ይዘጋል፣ ወይም «ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ግፊቱ ይቀንሳል» እያለ አንድን ቃል በራሱ ያስረዳል። «ስለዚህ» የምትለዋን ቃልም ጠርጥሯት። ከፊቷ ያለው ዐረፍተ ነገር ከኋላዋ ያለውን በእርግጥ ካላመጣው፣ ድልድይ ሳይኖር ተሻግራችኋል። እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ቦታ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ወደ መጽሐፉ ስትመለሱ ያንን ብቻ ፈልጉ።

አድማጭ ባይኖርም ይሠራል። ሚሼሊን ቺ የተባለች የትምህርት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው ጥናት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ደም ዝውውር አንድ ጽሑፍ አንብበዋል። አንደኛው ቡድን ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በኋላ ምን እንደተረዳ ለራሱ እንዲያስረዳ ተደረገ፤ ሌላው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ። የበለጠ የተረዱት ለራሳቸው ያስረዱት ነበሩ። አድማጭ የሚጨምረው ነገር ግን አለ፦ እናንተ ያላሰባችሁትን ጥያቄ ያመጣል። የእናትየው ጥያቄ ከማብሰል ልምዷ የመጣ ነው፤ ተማሪው ብቻውን ቢያወራ ኖሮ ላይመጣለት ይችል ነበር።

ፈተናው የማይደርስበት ቦታም አለ። አንዳንዴ ቀላል ማብራሪያ የሚጠፋው የሰው ልጅ እስከዚያ ድረስ ስላላወቀ ነው። የፋይንማን ባልደረባ የነበረ ፊዚሲስት እንደተረከው፣ ፋይንማን ስለ ጥቃቅን ቅንጣቶች አንድ ጠባይ ለ1ኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሆን ትምህርት አዘጋጃለሁ ብሎ ሄደ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ እንዳልቻለ፣ ይህም ነገሩን በእርግጥ እንዳልተረዳነው እንደሚያሳይ ተናገረ።

ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው፤ ማብራሪያው ቀላል፣ የተያያዘና ለስላሳ ሆኖ ስሕተት ሊሆን ይችላል። «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ብርዱ ድስቱን ስለሚያቀዘቅዘው ባቄላው ይዘገያል» የሚለውን ተመልከቱ። አንድም ከባድ ቃል የለበትም፣ እናትየውም ራሷን ነቅንቃ ትቀበለዋለች። ድምፅ አውጥቶ ማስረዳት የጎደለውን ያሳያል እንጂ የተሳሳተውን ሁልጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ማብራሪያው ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ምን መታየት አለበት? ጥፋቱ የብርድ ከሆነ በእኩለ ቀን ሙቀት ወይም እሳቱን በማብዛት የሚፈላው ውሃ የበለጠ መጋል አለበት። የምግብ ቴርሞሜትር ማለዳ፣ እኩለ ቀንና እሳቱ ከተጨመረ በኋላ በሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ይነከር። ሦስቱንም ጊዜ 90 አካባቢ ካሳየ የብርዱ ማብራሪያ ይወድቃል፣ የአየሩ ጭነት ማብራሪያ ይቆማል፤ ተማሪውም ለእናቱ የነገራትን ነገር አውቆታል ማለት ይቻላል።